ሒሳቡ 4.62 ሲል ሜትሩ 3.08 ለምን ያሳያል? የመልቲሜትር የራሱ ሬዚስታንስ በብሬድቦርድ ላይ

ሁለት እኩል ሬዚስተሮች በተከታታይ ብሬድቦርድ ላይ ሰክታችኋል። ዳርና ዳሩን ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝታችኋል። ሬዚስተሮቹ እኩል ስለሆኑ መሃል ላይ የባትሪው ግማሽ መገኘት አለበት። መልቲሜትሩን ስታስጠጉት ግን ግማሽ ቀርቶ አንድ ሦስተኛ ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ ሬዚስተሩን ይቀይራል። ቀጥሎ ብሬድቦርዱን ይጠረጥራል፣ ሽቦውን ነቅሎ ይሰካል፣ በመጨረሻም ባትሪውን ይወቅሳል። ሁሉም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከዝርዝሩ የተረሳው ራሱ ሜትሩ ነው። ቮልቴጅ ስንለካ ሜትሩ ወረዳው ውስጥ ይገባል። የራሱ ሬዚስታንስ አለው፤ ስለዚህ እንደ ሦስተኛ ሬዚስተር ይሠራል።

ከዚህ በታች ያለውን በእጃችሁ እየሠራችሁ ብትከተሉት ጥሩ ነው። ችግሩን ሆን ብለን እንፈጥራለን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናረጋግጣለን፣ ከዚያ ትክክለኛውን ቮልቴጅ በሁለት መንገድ እናወጣለን።

የሚያስፈልገው

አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ከነማያያዣው፣ ብሬድቦርድ፣ ጥቂት ጃምፐር ሽቦዎች፣ ሦስት 1 ሜጋኦም ሬዚስተሮች፣ አንድ 470 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ሁለት 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች፣ አንድ 10 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር እና መልቲሜትር። እኔ የምጠቀምበት ምሳሌ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ቢጫ ሜትር ነው፤ ዲቲ 830 ተብሎ የሚታወቀው ዓይነት። የዚህ ሜትር የዲሲ ቮልቴጅ መለኪያ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም ነው። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ዲጂታል ሜትሮች ግን በአብዛኛው 10 ሜጋኦም ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ወደፊት በቁጥር እናየዋለን።

ደረጃ 1፦ ባትሪውን ብቻውን ለኩ

ባትሪው ላይ 9 ቮልት ተብሎ ስለተጻፈ 9 ነው ብላችሁ አታስሉ። አዲስ ባትሪ ከ9 በላይ ያሳያል፣ ያገለገለው ደግሞ ከ9 በታች ይወርዳል። ሜትሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉና የባትሪውን ሁለት ጫፎች ለኩ። የእኛ ምሳሌ ባትሪ 9.24 ቮልት አሳይቷል እንበል። ከዚህ በኋላ በሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ይህ ቁጥር ነው።

ይህ የመጀመሪያ ልኬት ይታመናል ወይ የሚል ጥያቄ ቢመጣባችሁ ተገቢ ነው። አዎ፣ ይታመናል። ባትሪው የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ ቢኖረውም በጥቂት ኦሞች የሚቆጠር ነው። ሚሊዮን ኦም ያለው ሜትር ቢጨመርበት አይሰማውም። ይህን ነገር ያዙት፤ ሜትሩ የሚያሳስተው የሚለካው ነገር ራሱ ትልቅ ሬዚስታንስ ሲኖረው ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ሬዚስተሮቹን ብሬድቦርድ ላይ ሳይሰኩ ለኩ

1 ሜጋኦም ባለ አራት ቀለበት ሬዚስተር ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ነው፤ አራተኛው ወርቃማ ከሆነ ከተጻፈው ዋጋ እስከ 5 በመቶ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። 10 ኪሎኦም ደግሞ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነው። በመብራት ሥር አረንጓዴና ሰማያዊ እየተምታቱ ስለሚያስቸግሩ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ሜትሩን በ2000 ኪሎኦም ላይ አድርጉና አንድ በአንድ ለኩ፣ ውጤቱንም ጻፉ።

ሲለካ የሬዚስተሩን ሁለት እግሮች በሁለት እጃችሁ ቆንጥጣችሁ አትያዙ። ሰውነታችሁ ራሱ ሬዚስተር ነው። ቆዳው ደረቅ ወይም ላብ ያለበት መሆኑ ቁጥሩን ቢለዋውጠውም ከ1 ሜጋኦም ጎን ሲቆም ልኬቱን በግልጽ ያወርደዋል። አንዱን እግር መንካት ችግር የለውም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መንካት ነው የሚያበላሸው።

ለሒሳቡ ቅለት ሁለቱም በትክክል 1 ሜጋኦም ሆነው ተገኙ እንበል። የእናንተዎቹ ትንሽ ቢለያዩ የለካችሁትን ቁጥር አስገቡ።

ደረጃ 3፦ ሰኩ

የላይኛውን ሬዚስተር አንድ እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር፣ ሌላውን እግር ባዶ ረድፍ ላይ ሰኩ። የታችኛውን ሬዚስተር አንድ እግር እዚያው ረድፍ ላይ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። በብሬድቦርድ ላይ የአንድ ረድፍ አምስት ቀዳዳዎች ከሥር የተገናኙ ናቸው። ከመሃለኛው ቦይ ማዶ ያሉት አምስቱ ግን ሌላ ናቸው። እንዲህ ቮልቴጅ የሚያካፍሉ ሁለት ሬዚስተሮች ዲቫይደር ይባላሉ፤ የሚገናኙበት ረድፍ የዲቫይደራችን መሃል ነው።

ረዘም ባሉ ብሬድቦርዶች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በጠርዝ በኩል የሚሄዱት የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መስመሮች አንዳንዶቹ መሃል ላይ የተቆረጡ ናቸው። ባትሪውን በአንድ ጫፍ ሰክታችሁ ሬዚስተሩን በሌላው ጫፍ ብታስገቡ ምንም ላይደርሰው ይችላል። ይህ ከሆነ ግን የምታዩት ዜሮ ወይም ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው እንጂ የተረጋጋ 3.08 አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሁለቱንም ሬዚስተሮች ለኩና ደምሩ

ይህ የመመሪያው ልብ ስለሆነ አትዝለሉት።

ጥቁሩን ፕሮብ ኔጌቲቩ ላይ፣ ቀዩን መሃሉ ላይ አድርጋችሁ የታችኛውን ሬዚስተር ቮልቴጅ ለኩ። ቢጫው ሜትር 3.08 ቮልት ያሳያል። አሁን ጥቁሩን መሃሉ ላይ፣ ቀዩን ፖዘቲቩ ላይ አድርጋችሁ የላይኛውን ለኩ። እሱም 3.08 ነው። የሜትሩን ሬንጅ በመሃል አትቀይሩ፤ ሁለቱም ልኬቶች በ20 ቮልት ላይ ይሁኑ።

ደምሩ። 3.08 እና 3.08፣ 6.16 ይሆናል። ባትሪው ግን 9.24 ነበር። በተከታታይ የተሰኩ ሁለት ሬዚስተሮች የሚካፈሉት ቮልቴጅ ሲደመር የምንጩን ቮልቴጅ መስጠት አለበት፤ ይህ የኪርሆፍ ሕግ ነው። 3.08 ቮልት የት ገባ?

የትም አልገባም። ሁለቱን ልኬቶች የወሰድነው ከሁለት የተለያዩ ወረዳዎች ነው። የታችኛውን ስንለካ ሜትሩ ከታችኛው ጎን ነበር። የላይኛውን ስንለካ ደግሞ ከላይኛው ጎን ሄደ። በእያንዳንዱ ጊዜ ወረዳው ሌላ ነው።

የድምሩ ፈተና ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች በአንድ ጊዜ ነፃ ያወጣል። ሬዚስተሮቹ እኩል ባይሆኑ አንዱ ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ ድምሩ ግን 9.24 ሆኖ ይቀራል። ባትሪው ደካማ ቢሆን በደረጃ 1 ይታይ ነበር። ድምሩ ከባትሪው በግልጽ ካነሰ ሜትሩ ወረዳውን እየጫነው ነው።

ሜትሩ ሲገባ ምን ይሆናል

ሜትሩ ባልነበረበት ጊዜ ባትሪው የሚያየው በድምሩ 2 ሜጋኦም ነው። የሚፈሰው ከረንት 9.24 ሲካፈል ለ2 ሜጋኦም፣ 4.62 ማይክሮአምፔር ይሆናል። እያንዳንዱ ሬዚስተር ላይ 4.62 ቮልት ይወድቃል። ሒሳባችሁ ትክክል ነበር።

ሜትሩ ከታችኛው ሬዚስተር ጎን ሲቆም ሁለት 1 ሜጋኦሞች በፓራለል ሆኑ ማለት ነው። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች በፓራለል ሲሆኑ ግማሽ ይሰጣሉ፤ 500 ኪሎኦም። ባትሪው አሁን የሚያየው 1 ሜጋኦም ሲደመር 500 ኪሎኦም ነው። ከረንቱ ወደ 6.16 ማይክሮአምፔር ከፍ ይላል። የላይኛው ሬዚስተር 6.16 ቮልት ይወስድና ለታችኛው 3.08 ይቀራል። ከ6.16 ማይክሮአምፔሩ ግማሹ በሬዚስተሩ ያልፋል፣ ግማሹ በሜትሩ።

ሜትሩ አልዋሸም። ፕሮቡ በተነካበት ቅጽበት በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ቮልቴጅ በእርግጥ 3.08 ነው። ፕሮቡን ስታነሱት ወደ 4.62 ይመለሳል። የወጥ ጨው ለመቅመስ ብሎ ድስቱን አጋምሶ እንደመብላት ነው፤ ቀማሹ የሚናገረው እውነት ቢሆንም የቀረው ወጥ የመጀመሪያው አይደለም።

10 ሜጋኦም ያለው ሜትር በዚሁ ዲቫይደር ላይ 4.40 ቮልት ያሳያል። ከ1 ሜጋኦም ጋር በፓራለል ሲሆን ወደ 909 ኪሎኦም ገደማ ስለሚሰጥ ነው። ይሻላል፣ ግን አሁንም 5 በመቶ ያህል ያንሳል። እንዲያውም የበለጠ የሚያሳስተው ይህኛው ነው። 3.08 ሲታይ ሰው ይደነግጣል። 4.40 ሲታይ ግን «ሬዚስተሩ 5 በመቶ ስህተት ይፈቀድለታል፣ ከዚያ ነው የመጣው» ብሎ ያልፋል። ባለ ወርቃማ ቀለበት ሁለት ሬዚስተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እስከ ጫፍ ቢለያዩ መሃሉ ከ4.39 እስከ 4.85 ሊሆን ይችላልና 4.40 እዚያ ውስጥ ይገባል። በዓይን መለየት አይቻልም። ድምሩ ግን ይለየዋል፤ 4.40 እና 4.40፣ 8.80 ነው፣ ከ9.24 ያንሳል።

ደረጃ 5፦ የሜትራችሁን ሬዚስታንስ ራሳችሁ አግኙ

ከሜትሩ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ወረቀቱ ግን መቼም አይገኝም፤ ከአንድ ዓይነት ቢጫ ሽፋን በታችም የተለያየ ሥራ ሊኖር ይችላል። መለካቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ዲቫይደሩን አፍርሱት። የባትሪውን ፖዘቲቭ ከአንድ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ጋር አገናኙ። ቀዩን ፕሮብ የሬዚስተሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። አሁን ሜትሩ ራሱ የዲቫይደሩ የታችኛው ሬዚስተር ሆኗል። ያነበባችሁትን V፣ የባትሪውን Vs፣ የሬዚስተሩን R ብላችሁ እዚህ አስገቡ፦

```
Rm = R × V / (Vs − V)
```

ቢጫው ሜትር 4.62 ካሳየ ከላይም ከታችም 4.62 ስለሚሆን Rm በቀጥታ 1 ሜጋኦም ነው። ሜትሩ 8.40 ቢያሳይ ደግሞ 8.40 ለ0.84 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ 10 ሜጋኦም ማለት ነው። በዚህ ሁለተኛው ሁኔታ የምታካፍሉበት ቁጥር ትንሽ ስለሆነ የአንድ መቶኛ ቮልት የንባብ ስህተት እንኳ ውጤቱን ያንቀሳቅሰዋል። ትክክለኛ ቁጥር ከፈለጋችሁ ሦስቱንም 1 ሜጋኦሞች በተከታታይ አድርጋችሁ R ን 3 ሜጋኦም አድርጉት።

ሁለተኛ ሜትር ያለው ሰው ሌላም አጭር መንገድ አለው። አንዱን በዲሲ ቮልት፣ ሌላውን በኦም ላይ አድርጎ ፕሮቦቻቸውን ማገናኘት ነው። የኦሙ ሜትር የሌላውን ሬዚስታንስ በቀጥታ ያነብለታል። በእርግጥ ኦም መለኪያው እስከዚያ ድረስ የሚደርስ ሬንጅ ሊኖረው ይገባል። ሬንጁ ስለሚያንስ ቢጫው ሜትር የ10 ሜጋኦሙን ሜትር ሊለካው አይችልም፤ በግራ በኩል አንድ ብቻውን የቆመ 1 ያሳያል፣ ከአቅሜ በላይ ነው ማለቱ ነው።

ደረጃ 6፦ ትክክለኛውን ቮልቴጅ ከተሳሳቱት ልኬቶች አውጡ

የሜትሩን ሬዚስታንስ ባታውቁ እንኳ ሁለቱ የተሳሳቱ ልኬቶች ትክክለኛውን ይዘዋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሜትሩ የላይኛውንም ሆነ የታችኛውን ሬዚስተር ሲለካ የሚያጋጥመው የምንጭ ሬዚስታንስ አንድ ነው፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች በፓራለል የሚሰጡት ዋጋ። ስለዚህ ሁለቱም ልኬቶች በእኩል መጠን ነው የሚቀንሱት። አንዱ በአንድ ሦስተኛ ካነሰ ሌላውም በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። ሁለቱ ያላቸው ንጽጽር አይዛባም፤ የተዛባው ድምሩ ብቻ ነው። ድምሩን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ብንመልሰው ሁሉም ይስተካከላል፦

```
V = V2 × Vs / (V1 + V2)
```

V1 የላይኛው ንባብ፣ V2 የታችኛው ንባብ፣ V ደግሞ ሜትሩ ባይኖር የታችኛው ሬዚስተር ላይ የሚኖረው ቮልቴጅ ነው።

እኩል ባልሆኑ ሬዚስተሮች እንሞክረው። የታችኛውን 1 ሜጋኦም አውጥታችሁ በ470 ኪሎኦም ተኩት። በሒሳብ ታችኛው ላይ 9.24 ሲባዛ በ470፣ ሲካፈል ለ1470 መገኘት አለበት፤ 2.95 ቮልት። ቢጫው ሜትር የሚያሳየው ግን 2.24 ነው። የላይኛውን ስትለኩ 4.76 ይሆናል። ድምሩ 7.00። አሁን 2.24 ሲባዛ በ9.24፣ ሲካፈል ለ7.00፣ 2.96 ይመጣል። ከሒሳቡ የሚለየው በአንድ መቶኛ ቮልት ነው፤ እሱም ሜትሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚያሳይ የመጣ ነው።

ይህ የሚሠራው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሁለቱም ልኬቶች በአንድ ሬንጅ መወሰድ አለባቸው። ባትሪው በመሃል መውረድ የለበትም። መሃሉ ላይ ሌላ ነገር መኖር የለበትም፤ ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ ከተሰካበት የቮልቴጁ ለውጥ ቀጥተኛ ስለማይሆን ቀመሩ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ሜትሩ ምንም ሳይወስድ ለኩ

ሒሳብ ለማይወድ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ በግሌ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ሁለት ነጥቦች እኩል ቮልቴጅ ካላቸው በመካከላቸው ከረንት አያልፍም። ከረንት ካላለፈ ሜትሩ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ወረዳውን አይነካውም። የዊትስቶን ድልድይ የሚባለው መለኪያ የቆመውም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

እንደገና ሁለቱን 1 ሜጋኦሞች ሰኩ። 10 ኪሎኦሙን ፖቴንሽዮሜትር አጠገቡ ሰኩና ሁለቱን የዳር እግሮቹን ከዚያው ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ። የመሃል እግሩ ስታዞሩት ከዜሮ እስከ 9.24 ያለውን ማንኛውንም ቮልቴጅ ይሰጣችኋል።

አሁን አንዱን ፕሮብ ዲቫይደሩ መሃል ላይ፣ ሌላውን የፖቴንሽዮሜትሩ መሃል እግር ላይ አድርጉ። በ20 ቮልት ሬንጅ ጀምሩና ቁጥሩ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ አዙሩ። ከዚያ ወደ 2000 ሚሊቮልት፣ ቀጥሎ ወደ 200 ሚሊቮልት ውረዱ። በየደረጃው ቁጥሩ እንደገና ይታያል፤ እንደገና ወደ ዜሮ አምጡት። በመጨረሻው ላይ እጃችሁ ትንሽ ሲነቃነቅ ቁጥሩ ይዘላል። ርካሽ ፖቴንሽዮሜትር ያስቸግራል። ጥቂት ሚሊቮልት ውስጥ ከገባችሁ በቂ ነው፣ አትጨነቁ።

ፖቴንሽዮሜትሩን ሳትነኩ ፕሮቡን ከዲቫይደሩ አንሱ። ሜትሩን ወደ 20 ቮልት መልሱና የፖቴንሽዮሜትሩን መሃል እግር ከባትሪው ኔጌቲቭ አንጻር ለኩ። 4.61 ወይም 4.62 ታገኛላችሁ። ፖቴንሽዮሜትሩ መሃል ላይ የሚያሳየው የምንጭ ሬዚስታንስ 2.5 ኪሎኦም ብቻ ስለሆነ 1 ሜጋኦሙ ሜትር ከሩብ በመቶ በላይ አያወርደውም። ያንኑ 3.08 ሲያሳይ የነበረው ሜትር ነው ትክክለኛውን የሰጣችሁ።

ወረዳውን ስትነድፉ

ልኬቱን ከማረም ይልቅ ከመጀመሪያው ችግሩን ማስቀረት ይቀላል። መመሪያው አጭር ነው፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች በፓራለል የሚሰጡት ዋጋ ከሜትሩ ሬዚስታንስ አንድ መቶኛ ካልበለጠ ስህተቱ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ለ1 ሜጋኦሙ ሜትር ይህ 10 ኪሎኦም ነው፤ ማለትም ሁለት እኩል 20 ኪሎኦሞች። ለ10 ሜጋኦሙ ደግሞ ሁለት እኩል 200 ኪሎኦሞች።

ሁለቱን 10 ኪሎኦሞች ብሬድቦርዱ ላይ ሰኩና ሞክሩ። ቢጫው ሜትር 4.60 ያሳያል። ከሒሳቡ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው የወረደው። በአንጻሩ ባትሪው ሁልጊዜ ግማሽ ሚሊአምፔር ገደማ ይከፍላል። ለአንድ ከሰዓት ሙከራ ምንም ማለት አይደለም። ለወራት በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ግን ትልቅ ሬዚስተር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ትልልቆቹን መተው ካልቻላችሁ በዲቫይደሩና በሜትሩ መካከል አንድ ኦፕአምፕ በፎሎወር መልክ አስገቡ፤ ከዲቫይደሩ ብዙ ከረንት ሳይወስድ ቮልቴጁን እንዳለ ወደ ሜትሩ ያስተላልፋል። በቀላሉ የሚገኘው ኤልኤም 358 ይሆናል። የዲቫይደሩን መሃል እግር 3 ላይ፣ እግር 2ን ከእግር 1 ጋር፣ እግር 8ን ፖዘቲቭ ላይ፣ እግር 4ን ኔጌቲቭ ላይ አገናኙና ከእግር 1 ለኩ። ቺፑ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ኦፕአምፕ ባዶ ስለሚቀር እግር 5ን ኔጌቲቭ ላይ፣ እግር 6ን ከእግር 7 ጋር አስሩት። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ የኤልኤም 358 መግቢያ ራሱ በናኖአምፔር የሚቆጠር ከረንት ወደ ውጭ ይለቃል። በ500 ኪሎኦም ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ አሥር፣ ሃያ ሚሊቮልት ያህል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። 3.08 ከማየት ግን ስንት ጊዜ ይሻላል።

ይህ ለሜትር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ከዲቫይደሩ መሃል ላይ የሚሰካ ማንኛውም ዕቃ እንደ ሜትሩ ይጫነዋል። የአርዱይኖ ኡኖ ቺፕ አምራቹ የአናሎግ መግቢያው ላይ የሚገባው ምንጭ 10 ኪሎኦም ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን የሚመክረውም ለተመሳሳይ ጣጣ ነው፤ እዚያ ውስጥ በየልኬቱ የሚሞላ ትንሽ ካፓሲተር አለ።

መርፌ ያለው ሜትር ከሆነ

የድሮ አናሎግ ሜትር ያላችሁ ሰዎች መስታወቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ፈልጉ። ብዙዎቹ ላይ በቮልት 20 ኪሎኦም የሚል ተጽፏል። ይህ ማለት ሬዚስታንሱ በሬንጁ ይለዋወጣል። በ10 ቮልት ሬንጅ ላይ 200 ኪሎኦም፣ በ50 ቮልት ሬንጅ ላይ 1 ሜጋኦም ነው። የእኛን ዲቫይደር በ10 ቮልት ሬንጅ ስትለኩት 1.32 ያሳያል፤ ወደ 50 ስታዞሩት 3.08። ሬንጁን ስትቀይሩ ቮልቴጁ አብሮ ከተቀየረ ሜትሩ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። ወረዳው እየተጫነ ነው።

የማታውቁት ወረዳ ላይ

የራሳችሁን ዲቫይደር ስትለኩ ሒሳቡ አለ፣ ድምሩ አለ። የተበላሸ ሬዲዮ ከፍታችሁ አንድ ነጥብ ላይ 3.08 ብታነቡ ግን ምን ታደርጋላችሁ? ትክክለኛው ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም።

ፕሮቦቹ ባሉበት ነጥብ ላይ እንዳሉ ከሜትሩ ሬዚስታንስ ጋር እኩል የሆነ ሬዚስተር ጎን ለጎን ጨምሩ። ለቢጫው ሜትር ያ የቀራችሁ ሦስተኛው 1 ሜጋኦም ነው። እንዲህ ስታደርጉ የሜትሩን ጫና እጥፍ አደረጋችሁት ማለት ነው። በ10 ኪሎኦሙ ዲቫይደር ላይ 4.60 የነበረው 4.57 ይሆናል፤ ሁለት ሦስት መቶኛ ብቻ ከወረደ የሜትሩ ስህተትም ያንን ያህል ነውና ንባቡን እመኑት። በ1 ሜጋኦሙ ላይ ግን 3.08 የነበረው ወደ 2.31 ይወርዳል። እንዲህ ከወደቀ የመጀመሪያውን ንባብ በወረቀት ላይ አታስፍሩት። በ10 ሜጋኦም ሜትር ወይም በደረጃ 7ቱ ዘዴ እንደገና ለኩ።